ገዢው የላከው ዶላር ተቆርጦ ሲገባ፦ የጎደለውን ማን ይሸፍናል? እንዴትስ ይመዘገባል?

ሰበታና ዓለም ገና አካባቢ ላሉ ትናንሽ ላኪዎች ሂሳብ እይዛለሁ። ቦርሳ የሚሰፉ አሉ፣ ቅርጫት የሚልኩ አሉ። ሁሉም አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ኢንቮይሱ ላይ የጻፍኩት ሌላ፣ አካውንቴ የገባው ሌላ። ሰውዬው በላኝ ወይስ ባንኩ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ እዚሁ ልጻፈው።

ምሳሌያችን ይህ ነው። ሰበታ ያለ የቆዳ ቦርሳ ወርክሾፕ ጀርመን ላለ ገዢ የ2,450 ዶላር ኢንቮይስ ላከ። ገዢው «ከፍያለሁ» ብሎ የባንኩን ማረጋገጫ በኢሜይል ላከ። ወርክሾፑ ዘንድ የደረሰው 2,417 ዶላር ነው። 33 ዶላር የለም። ከዚህ በታች የምትሠሩት ይህን 33 ዶላር ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያ ለባለቤቱ መስጠት ነው።

የሚያስፈልጓችሁ

- ኢንቮይሱ፣ ከገዢው ጋር የተፈራረማችሁት ውል ወይም የትእዛዝ ወረቀት
- ባንካችሁ ገንዘቡ ሲገባ የሚሰጠው ክሬዲት አድቫይስ
- ባንኮቹ ክፍያውን ሲያስተላልፉ የተለዋወጡት የስዊፍት መልእክት ቅጂ (ባንክ ቤት «የስዊፍት ኮፒ» ስትሉ ይገባቸዋል)
- የኤክስፖርት ፐርሚቱ ቅጂ
- ኢንቮይሱን ያወጣችሁበት ቀንና ገንዘቡ የገባበት ቀን የምንዛሬ ተመን

1. ለገዢው ምንም ሳትጽፉ ቁጥሮቹን አስቀምጡ

አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ የኢንቮይሱ መጠን፣ ገዢው ላክሁ ያለው መጠን፣ አካውንታችሁ የገባው መጠን። በእኛ ምሳሌ 2,450፣ 2,450 እና 2,417 ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ባንኩ የመጣውን ዶላር ከፍሎ ከፊሉን በውጭ ምንዛሬ አካውንታችሁ፣ ከፊሉን በብር አካውንታችሁ ያስገባው ይሆናል። የዶላሩን አካውንት ብቻ ያየ ሰው «ግማሹ ጠፋ» ብሎ ይጮሃል። የጠፋ ነገር የለም። የገባውን መጠን ከአካውንቱ አትውሰዱ፣ ከክሬዲት አድቫይሱ ላይ አጠቃላዩን ውሰዱ።

ለገዢው ቶሎ አትጻፉ ያልኩት በምክንያት ነው። ገዢው ሙሉውን ልኮ ከሆነ «ጎድሎብኛል፣ ሙላ» የሚል መልእክት ሲደርሰው ቅር ይለዋል። በኋላ ደግሞ የጎደለው ግማሹ የራሳችሁ ባንክ ኮሚሽን ሆኖ ሲገኝ ይቅርታ መጠየቅ ይመጣል።

2. ሁለቱን ወረቀቶች ከባንክ አውጡ

ክሬዲት አድቫይሱን ቅርንጫፉ ወዲያው ይሰጣችኋል። የስዊፍት ኮፒው ግን ብዙ ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት የውጭ ምንዛሬ ክፍል ነው ያለው። ለእሱ ብላችሁ ከሰበታ ሜክሲኮ ድረስ በዓየር ጤና መጨናነቅ አትንገላቱ። ለቅርንጫፉ አጭር ደብዳቤ አስገቡ ወይም ኢሜይል ላኩ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ያስመጡላችሁ። ደብዳቤው ላይ የገዢው ስም፣ መጠኑ፣ የገባበት ቀንና ማጣቀሻ ቁጥሩ ይኑር።

ገዢው በኢሜይል የላከው ማረጋገጫ ለዚህ አይበቃም። እሱ የሚያሳየው ከገዢው አካውንት ምን እንደወጣ ብቻ ነው። መንገድ ላይ የሆነውን የሚናገረው የስዊፍት መልእክቱ ነው።

3. ገንዘቡ የት እንደተቆረጠ አንብቡ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የስዊፍት ኮፒው ረጅም ሊሆን ይችላል፤ የምትፈልጉት ግን አራት መስመር ነው፦

```
:32A:250612USD2430,
:33B:USD2450,
:71A:SHA
:71F:USD20,
```

`33B` ገዢው እንዲላክ ያዘዘው መጠን ነው፦ 2,450። `32A` እናንተ ባንክ ዘንድ የደረሰው መጠን ነው፦ 2,430። ከፊቱ ያለው ቁጥር ቀኑ ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ሆኖ በፈረንጅ አቆጣጠር ይነበባል። ይህ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። `71F` መንገድ ላይ የተቆረጠው ነው፦ 20 ዶላር። ሁለት ባንኮች ቆርጠው ከሆነ `71F` ሁለት ጊዜ ይመጣል።

`71A` ደግሞ የባንክ ክፍያውን ማን እንደሚሸከም ገዢው የመረጠበት ቦታ ነው። ሦስት አማራጭ አለው። `OUR` ከሆነ ሁሉንም ገዢው ይከፍላል። `SHA` ከሆነ ገዢው የራሱን ባንክ ክፍያ ብቻ ይከፍላል፣ የቀረው በተቀባዩ ላይ ነው። `BEN` ከሆነ የገዢው ባንክ ክፍያ ጭምር ከሚላከው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል።

ወረቀቱ ላይ `pacs.008` የሚል ካያችሁ አትደንግጡ። ከኅዳር 2018 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች አገር አቋራጭ ክፍያን እርስ በርስ የሚለዋወጡት በዚህ ቅርጽ ነው። ይዘቱ ያው ነው። `33B` የነበረው `InstdAmt`፣ `32A` የነበረው `IntrBkSttlmAmt`፣ ተቆራጩ `ChrgsInf` ሆኗል። `OUR` በ`DEBT`፣ `SHA` በ`SHAR`፣ `BEN` በ`CRED` ተተክቷል።

አሁን ወደ 33ቱ ዶላር እንመለስ። መልእክቱ እንደሚለው እናንተ ባንክ የደረሰው 2,430 ነው። አካውንታችሁ የገባው 2,417 ነው። ስለዚህ 20 ዶላሩ ውጭ አገር ነው የተቆረጠው፤ 13ቱ ግን እዚሁ፣ በራሳችሁ ባንክ። ክሬዲት አድቫይሱን ብታዩ 13ቱ ኮሚሽንና የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ ተጽፏል። ባንኩ ይህን በብር ቆርጦት ከሆነ ደግሞ የብር አካውንታችሁ ላይ ፈልጉት።

ውጭ አገር የተቆረጠው ለምንድን ነው? ጀርመን ያለ ባንክና አዲስ አበባ ያለ ባንክ ብዙ ጊዜ በቀጥታ አካውንት የላቸውም። ዶላር ሲሆን ገንዘቡ አሜሪካ ባለ ተላላኪ ባንክ በኩል ያልፋል። ያ ባንክ ላሳለፈበት ከላዩ ላይ ቆርጦ ያስተላልፋል። አቆራረጡ ብዙውን ጊዜ በመቶኛ አይደለም፤ በአንድ ዝውውር ይህን ያህል ተብሎ ነው። ይህን አስታውሱት፣ ደረጃ 7 ላይ ይጠቅማችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ `33B` ራሱ ከኢንቮይሱ ካነሰ ነገሩ የባንክ ክፍያ አይደለም። ገዢው አሳንሶ ነው ያዘዘው። በስህተት ሊሆን ይችላል፣ ለተበላሸ ዕቃ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ «የባንክ ነው» ብሎ ራሱ ቀንሶም ሊሆን ይችላል። ያኔ ይህን መመሪያ ተዉትና ሰውዬውን በቀጥታ ጠይቁት።

4. ልዩነቱ የማን እንደሆነ ወስኑ

እዚሁ አገር የተቆረጠው 13 ዶላር የእናንተ ነው። አካውንቱ የእናንተ፣ ባንኩም የእናንተ ነው። ይህን ከገዢው መጠየቅ ያሳፍራል።

የ20ው ባለቤት የሚታወቀው ከውሉ ነው። ውሉ ወይም ኢንቮይሱ «ከኢትዮጵያ ውጭ ያለ የባንክ ክፍያ በገዢው ነው» ካለና ገዢው `SHA` ከመረጠ፣ 20ውን መጠየቅ ትችላላችሁ። ውሉ ዝም ካለ የመጠየቅ መብታችሁ ደካማ ነው። ወጪ አድርጋችሁ መዝግቡት፣ ለሚቀጥለው ውሉን አስተካክሉ።

ገዢው `OUR` መርጦ ሳለ `71F` ላይ ተቆራጭ ከታየስ? ያኔ ገዢው የድርሻውን አድርጓል፣ ባንኮቹ ናቸው ያላከበሩት። መልእክቱ ላይ `UETR` የሚባል፣ ፊደሉ፣ ቁጥሩና ሰረዙ ተደምሮ 36 የሚሆን ረጅም መለያ አለ። እሱን ለገዢው ላኩለትና በራሱ ባንክ በኩል ተከታትሎ እንዲያስመልስ ንገሩት። እናንተ ከዚህ ሆናችሁ ብትሮጡ ውጤቱ ትንሽ ነው፤ የዚያ ባንክ ደንበኛ እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

5. በሂሳብ መዝገብ ላይ በትክክል አስገቡ

ብዙ የማየው ብልሽት እዚህ ነው። ሰው የገባውን 2,417 እንደ ሽያጭ ይመዘግባል። ሽያጩ ግን 2,450 ነው። ዕቃው የተሸጠው በዚህ ዋጋ ነው፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም ይህን ይላል። የጎደለው የባንክ ወጪ ነው። ሽያጩን ካሳነሳችሁ ኢንቮይሱ፣ ዲክላራሲዮኑና መዝገቡ አይገጥሙም፤ የግብር ኦዲት የመጣ ቀን መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ የባንክ ክፍያውንና የምንዛሬ ልዩነቱን አንድ ላይ እንዳትጨፈልቁ ነው። ለሂሳብ እንዲቀል ኢንቮይሱ የወጣ ዕለት ዶላር 130 ብር፣ ገንዘቡ የገባ ዕለት 132 ብር ነበር እንበል። 33ቱን ዶላር በሙሉ ወጪ ለማድረግ ወስናችኋል።

ኢንቮይሱ ሲወጣ ተሰብሳቢ ሂሳቡ ላይ የያዛችሁት 2,450 × 130 = 318,500 ብር ነው። ገንዘቡ ሲገባ እንዲህ ይሆናል፦

- ባንክ፣ ዴቢት፦ 2,417 × 132 = 319,044 ብር
- የባንክ አገልግሎት ወጪ፣ ዴቢት፦ 33 × 132 = 4,356 ብር
- ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ክሬዲት፦ 318,500 ብር
- የምንዛሬ ልዩነት ገቢ፣ ክሬዲት፦ 4,900 ብር

ዴቢቱ 323,400፣ ክሬዲቱም 323,400 ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ 4,900 ማለት 2,450 ዶላር በ2 ብር ልዩነት ነው። ካልገጠመ አንዱን ተመን የተሳሳተ ቦታ ተጠቅማችኋል።

የብሩን ብቻ ብታዩ 319,044 ከ318,500 ይበልጣል። ስለዚህ ሰው «እንዲያውም ተርፎኛል፣ ምንም አልጎደለም» ይላል። ጎድሏል። የተመኑ መጨመር ነው የሸፈነው። በዚህ መንገድ ስንት የባንክ ክፍያ በዓመት እንደሚሄድ ሳያውቁ የሚኖሩ አሉ።

20ውን ከገዢው ለመጠየቅ ከወሰናችሁ 13ቱን ብቻ ወጪ አድርጉ። 20ው በገዢው ስም ተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ ክፍት ሆኖ ይቆይ። በፒችትሪ የምትሠሩ ከሆነ ክፍያውን በኢንቮይሱ ላይ ስታስገቡ የደረሰውንና የባንክ ክፍያውን ለየብቻ አስገቡ። «ቀሪ» ብሎ የሚያሳያችሁ 20 ዶላሩን ብቻ ከሆነ ልክ ናችሁ።

ክሬዲት አድቫይሱንና የስዊፍት ኮፒውን ከኢንቮይሱ ጋር በስቴፕለር አያይዟቸው። ወጪው በማስረጃ ካልተደገፈ ግብር ሰብሳቢው አይቀበለውም።

6. ኤክስፖርት ፐርሚቱን አትርሱ

ፐርሚቱ 2,450 ይላል፣ ከውጭ የመጣው 2,430 ነው። ባንኩ ፐርሚቱን ሲዘጋ 20ው የት ደረሰ ማለቱ አይቀርም። 13ቱ እዚህ ላይ ችግር የለውም፤ ገንዘቡ አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ባንኩ ራሱ የወሰደው ነው።

ለባንኩ የውጭ ምንዛሬ ክፍል አጭር ደብዳቤ ጻፉ። የፐርሚት ቁጥሩን፣ የመጣውን መጠን፣ 20ው የተላላኪ ባንክ ክፍያ መሆኑን ግለጹና የስዊፍት ኮፒውን አያይዙ። `71F` ላይ የተጻፈው ለእናንተ መስካሪ ነው። ደብዳቤው ሲገባ ኮፒው ላይ «ደርሷል» የሚል ማህተም አስመቱ።

ይህን በወቅቱ ያላደረገ ሰው የሚያየው ነገር አለ። ሃያ ዶላር፣ አሥራ አምስት ዶላር የጎደላቸው ፐርሚቶች ሳይዘጉ ይከማቻሉ። አዲስ ፐርሚት ሊያወጣ ሲሄድ «ጋሼ፣ ያልተወራረደ አለብዎት» ይባላል። ዕቃው ታሽጎ መኪና ላይ ተጭኖ።

7. ከገዢው የምታስመልሱ ከሆነ እንዴት

20 ዶላሩን ለብቻው እንዲልክ አትጠይቁ። ለብቻው ቢላክ ያው ተላላኪ ባንክ ያው ክፍያውን ይቆርጣል። ሃያ ለማምጣት ሃያ ማቃጠል ነው።

የሚሻለው በሚቀጥለው ክፍያ ላይ አብሮ እንዲልክ ማድረግ ነው። ለገዢው አጭር መልእክት ጻፉ፦ ክፍያው መድረሱን፣ በመንገድ 20 ዶላር መቆረጡን፣ በውላችን መሠረት ይህ በእሱ በኩል መሆኑን፣ በሚቀጥለው ክፍያ ጨምሮ ቢልክ በቂ መሆኑን። የስዊፍቱን አራት መስመሮች አያይዙ። «አጎደልክ» አትበሉ፣ «ተቆረጠ» በሉ። አብዛኛው ገዢ `SHA` የመረጠው አስቦበት አይደለም፤ የባንኩ ገጽ ቀድሞ የመረጠለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ 20ውን በሚቀጥለው ኢንቮይስ ላይ በዕቃው ዋጋ ውስጥ እንዳትደብቁት። ያ ኢንቮይስ የራሱ ፐርሚትና ዲክላራሲዮን አለው፤ የዕቃው ዋጋ ከእነሱ ጋር መግጠም አለበት። ለ20ው የቀድሞውን ኢንቮይስ ቁጥር የጠቀሰ የተለየ የቀሪ ሂሳብ መግለጫ ላኩ። ገንዘቡ አንድ ላይ ሲመጣ ከመግባቱ በፊት ለባንኩ ንገሩት፦ ይህን ያህሉ የአዲሱ ፐርሚት፣ 20ው የቀድሞው ቀሪ። ካልነገራችሁት ሁሉንም ወደ አዲሱ ያስገባውና የቀድሞው ክፍት እንደሆነ ይቀራል።

መቼ ነው የምትተዉት? ገዢው ቋሚ ከሆነና ተከታዩ ትእዛዝ በመንገድ ላይ ካለ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ገዝቶ የሄደ ከሆነ ወጪ አድርጉና ዝጉት። ለ20 ዶላር ሦስት ወር ኢሜይል መጻጻፍ የሂሳብ ሠራተኛውን ደመወዝ ነው የሚበላው።

8. የሚቀጥለውን ኢንቮይስ አስተካክሉ

ከባንክ መረጃችሁ ሥር ይህን ጻፉ፦

```
All bank charges outside Ethiopia are for the buyer's account.
Please select charge option OUR.
Amount to be received: USD 2,450.00
```

ሦስተኛው መስመር ትርፍ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ገዢው ራሱ ኢንቮይሱን አያነበውም፤ የሚያነበው ክፍያ የሚያስተላልፈው ሠራተኛው ነው። እሱ ደግሞ የሚፈልገው ቁጥር ነው።

`OUR` ለገዢው በባንኩ ተጨማሪ ያስከፍለዋል። «አይሆንም» ካለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዋጋ ስትሰጡት የባንኩን ክፍያ ከጅምሩ ዋጋው ውስጥ ማስላት ነው። ኢንቮይሱም ፐርሚቱም በዚያው ዋጋ ከወጡ ምንም አይጋጭም። ሁለተኛው የክፍያውን ብዛት መቀነስ ነው። ክፍያው በዝውውር ስለሚቆረጥ፣ 2,450 ዶላሩን ግማሽ ቀብድ፣ ግማሽ ቀሪ ብላችሁ ብትቀበሉ 20ው ሁለቴ ይቆረጣል። ለትንንሽ ትእዛዝ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ቅድሚያ መቀበል ይሻላል።

ገዢው አውሮፓ ከሆነ ደግሞ በዩሮ መሸጥን አስቡበት። ዶላር አሜሪካ መዞር አለበት፤ ዩሮ ግን ይህን ዙር አያስፈልገውም። ባንካችሁ የዩሮ ተላላኪ ባንኩ የትኛው እንደሆነ ይንገራችሁና ኢንቮይሱ ላይ ጻፉት። ፐርሚቱም በዩሮ ይውጣ።

የተለመዱ ስህተቶች

ክሬዲት ኖት ማውጣት። ገዢው «የጎደለውን ክሬዲት ኖት አውጣልኝና ሂሳቤን ልዝጋ» ሊላችሁ ይችላል። ክሬዲት ኖት ማለት ዋጋ ቀንሻለሁ ማለት ነው። እናንተ ዋጋ አልቀነሳችሁም። ሂሳቡ የተዘጋ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ብቻ ስጡት።

የጎደለውን ሁሉ የባንክ ነው ብሎ ማለፍ። ከአንድ ገዢ የሚጎድለው በተመሳሳይ መንገድ ተመሳሳይ መሆን አለበት። ሁሌ 20 የነበረው ድንገት 85 ከሆነ ተነሱና የስዊፍት ኮፒውን አውጡ። ወይ መሃል ሌላ ባንክ ገብቷል፣ ወይ `BEN` ተመርጧል፣ ወይ ገዢው ራሱ አሳንሷል።

የባንክ አካውንት መረጃን በየጊዜው በተለያየ መንገድ መጻፍ። የድርጅቱ ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ ባንኮቹ ማጣሪያ ይልካሉ፣ አንዳንዱ ባንክ ለማስተካከያውም ያስከፍላል። ስሙን ከባንክ ደብተራችሁ ላይ እንዳለ ገልብጡት።